ዝምታ እሺ ማለት በሚሆንበት ጊዜ፤ የነጋዴን ወረቀት በክብር ስለ መመለስ

በአሶሳ ከተማ የእንግዳ ማረፊያና የምግብ ቤት ያላቸው አንዲት እመቤት ባለፈው መጋቢት በ12ኛው ቀን፥ በማታ፥ አንድ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወደ ቤታችን መጡ። እኛ በፍርድ ቤት ጸሓፊነት የምናገለግል በመሆናችን ደብዳቤ ያስቸገረው ሰው ሁሉ ወደ እኛ መምጣትን ልማድ አድርጎታል፤ በክርክር ላይ ያለውን ጉዳይ ግን አንነካም። ስለዚህ እመቤቲቱን ባየን ጊዜ መጥሪያ የደረሳቸው መስሎን አስቀድመን ልንከለክል አሰብን። ወረቀቱ ሲገለጥ ግን መጥሪያ አልነበረም፤ ዘይትና ስኳር የሚያመጣላቸው ነጋዴ የጻፈላቸው የዋጋ ማቅረቢያ፥ በገበያው ቋንቋ ፕሮፎርማ የሚባለው ነበረ። እመቤቲቱም «እምቢ ማለት እፈልጋለሁ፤ ሰውየውን ግን ማጣት አልፈልግም፤ እንዴት አድርጌ ልጻፍ?» አሉን።

ይህ ጥያቄ በአዲስ አበባ ቢነሣ ቀላል በሆነ ነበር፤ አንዱ ነጋዴ ቢቀየም በማግሥቱ ሌላውን ማግኘት ይቻላልና። አሶሳ ግን ከዋና ከተማው ከ600 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ መንገድ የራቀች ናት። የጭነት መኪናው ነቀምትን፥ ጊምቢንና መንዲን አልፎ እስኪደርስ ድረስ ቀናት ይቈጠራሉ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታትም ይኸው መንገድ በጸጥታ መታወክ ምክንያት ጊዜ በጊዜ ሲዘጋ በከተማው የሚኖር ሰው ሁሉ አይቷል። እንዲህ ባለው ወራት የዘይትና የስኳር ዋጋ በአንድ ሳምንት ይለወጣል። እመቤቲቱም እንደ ነገሩን መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ይህ ነጋዴ በመጋዘኑ ከቀረው ላይ ከፍሎ በዱቤ ሰጥቷቸዋል፤ ዋጋም አልጨመረባቸውም። አራት ዓመት ሙሉ የተገበያዩት እንደዚህ ነው። ስለዚህ ዛሬ እምቢ የሚሉት ሰው ነገ በሩን የሚያንኳኩበት ሰው ነው።

ወረቀቱ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ፊተኛው የዘይት ጉዳይ ነው። እመቤቲቱ በየወሩ 20 ሊትር የሚይዘውን ጀሪካን 9 ይወስዳሉ። ነጋዴው በየወሩ 15 እንዲወስዱና ለአንድ ዓመት እንዲዋዋሉ፥ ከዓመቱም ዋጋ ሢሶውን አስቀድመው እንዲከፍሉ ይጠይቃል፤ በዚህ ፈንታ በእያንዳንዱ ጀሪካን ላይ 150 ብር ይቀንስላቸዋል። ሁለተኛው የሽርክና ጉዳይ ነው። በግቢያቸው በር አጠገብ ያለውን ባዶ ክፍል እርሳቸው ይስጡ፤ እርሱ ዕቃ ያስገባ፤ ሻጭም እርሳቸው ይቅጠሩ፤ ትርፉም እኩል ይከፈል ይላል። ከግርጌውም በትንሽ ፊደል «በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወሙ እንደ ተቀበሉት ይቈጠራል» የሚል ቃል ታትሟል። ወረቀቱ የተሰጣቸው መጋቢት 3 ቀን ነው።

አስቀድመን ሒሳቡን አብረን ሠራነው፤ ምክንያቱን ሳያውቁ እምቢ ማለት ራስን ያጠራጥራልና። በዓመት የሚያስፈልጋቸው 108 ጀሪካን ነው፤ በእነዚህም ላይ የሚያገኙት ቅናሽ 16,200 ብር ይሆናል። የሚዋዋሉት ግን 180 ነው። ስለዚህ 72 ጀሪካን ተርፎ በሞቃት ጓዳ ይቀመጣል፤ ዘይትም በሙቀት ሲቈይ ሽታውና ጣዕሙ ይለወጣል። አንዱን ጀሪካን 5,000 ብር ብለን ብንገምተው አስቀድሞ የሚከፈለው ሢሶ 300,000 ብር ነው፤ ይህም ገንዘብ መንገዱ ቢዘጋ ዕቃው ሳይመጣ በሰው እጅ የሚቀመጥ ነው። ነጋዴው ክፉ አሳብ አስቦ አይደለም፤ በእርሱም በኩል ብናየው መኪናውን በሙሉ ጭነት ለማምጣት አስቀድሞ የሚታወቅ ገዢና ገንዘብ ይፈልጋል። ለእርሱ የሚጠቅመው ለእርሳቸው አልጠቀመም፤ ይኸው ነው። በሽርክናውም በኩል ወረቀቱ ስለ ትርፍ ሲናገር ስለ ኪሳራ ዝም ብሏል፤ ክፍሉም ያለበት ቤት የሟች ባላቸውና የልጆቻቸው ውርስ ገና ያልተከፈለበት ነው።

እንግዲህ እምቢ ማለት እንደሚገባ ካወቁ ዘጠኝ ቀን ስለ ምን ዝም አሉ ብለን ጠየቅናቸው። «ዝም አላልሁም» አሉ፤ «የመኪናው ረዳት መጥቶ ቢጠይቀኝ ኢንሻአላህ እናያለን ብዬዋለሁ።» ይህ ቃል በአሶሳ በእስላሙም በክርስቲያኑም አፍ የሚነገር መልካም ቃል ነው። ክፋቱ ግን ተናጋሪው «አልፈልግም፥ ነገር ግን ላላስቀይምህ» ማለቱ ሲሆን፥ የሚሰማው ነጋዴ «ጥቂት ቀን ስጠኝ» ያለው ይመስለዋል። ነጋዴው በዚህ ቃል ተማምኖ ከአዲስ አበባ ዕቃ ቢያዝ፥ ኋላም እምቢ ቢባል፥ ቂሙ የሚነሣው በእምቢታው አይደለም፤ ገንዘቡን እስኪያወጣ ድረስ በመዘግየቱ ነው። ሰውን ላለማስቀየም የተናገርነው ቃል ራሱ ሰውን የሚያስቀይም ይሆናል።

በሕግም በኩል የዝምታው ነገር ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቀላል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቈጠር ይደነግጋል። ይህን ሰው ሁሉ በልቡ ያውቀዋል፤ ማንም ሰው ያልጠየቅሁትን ወረቀት በደጄ ጥሎ ቢሄድ ዝም በማለቴ ባለዕዳ አያደርገኝም። ነገር ግን ሁለት ቁጥር አልፈን 1684ን ብናነብ፥ አስቀድሞ የንግድ ግንኙነት ባላቸው ሰዎች መካከል ነገሩ ይለወጣል። ነባሩን ውል ለመቀጠል ወይም ለማሻሻል ወይም በእርሱ ላይ ለመጨመር አንዱ ወገን ለዚሁ ጉዳይ በተለየ ጽሑፍ ቢጠይቅ፥ በጽሑፉም ውስጥ ተገቢ በሆነ ጊዜ ካልተቃወምህ እንደ ተቀበልህ ይቈጠራል ብሎ ቢያስታውቅ፥ ሌላውም ወገን ዝም ቢል፥ ዝምታው እሺ ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ ሕግ በእንግዶች ላይ አይሠራም፤ የሚሠራው አራት ዓመት በተገበያዩ ወዳጆች ላይ ነው። ይሉኝታ የሚበረታውም በዚያው ነው።

በግርጌ በትንሽ ፊደል የታተመው ቃል ሕጉ የሚጠይቀውን የማስታወቅ ግዴታ ይፈጽማል ወይስ አይፈጽምም የሚለው በዳኛ ፊት የሚያከራክር ነው። የሽርክናውም ነገር በነባሩ ግዢ ላይ የተጨመረ ሳይሆን ፈጽሞ አዲስ ጉዳይ ስለ ሆነ በዝምታ ይጸናል ብለን አናምንም። ነገር ግን ስለ ዘይት ከወዳጅ ጋራ በችሎት ቆሞ ከመከራከር በ15 ቀን ውስጥ ሁለት መስመር መጻፍ ይቀላል። ከቀኑ ስድስት ቀን ያህል ይቀሩ ስለ ነበረ እዚያው ተቀምጠን ልንጽፍ ጀመርን።

እመቤቲቱ ግን አስቀድመው በቤታቸው የጻፉት ነበራቸው፤ አውጥተው አነበቡልን። በጣም ትሑት ደብዳቤ ነበረ። «ያቀረቡልን ነገር እጅግ መልካም ነው፤ ዋጋው ግን ለጊዜው ትንሽ ከብዶናል፤ በ300 ብር ቢቀንሱልን ደስ ባለን ነበር» ይላል። ዋጋው ከብዷቸው እንደሆነ ጠየቅናቸው። አልከበዳቸውም፤ እምቢ ማለቱ ስላሳፈራቸው ያመጡት ምክንያት ነው።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ስፍራ ጥቂት እንቈይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚህ ነውና። ለእምቢታ የምንሰጠው ምክንያት ለነጋዴ ጆሮ የግብዣ ቃል ነው። «ዋጋው ከበደን» ብንለው ዋጋውን ይቀንሳል። «ጊዜው አልተመቸንም» ብንለው ከሁለት ወር በኋላ ይመለሳል። «ማስቀመጫ የለንም» ብንለው መጋዘን ይሰጠናል። ያነሣነውን እንቅፋት ሁሉ በደግነት እያነሣልን ይመጣል፤ በመጨረሻ ምክንያት ሲያልቅብን ወይ የማንፈልገውን እንቀበላለን፥ ወይም መጀመሪያ ያልነው ውሸት እንደ ነበረ ይገለጣል። ከዚህም በላይ በሕጉ በቁጥር 1694 እንደ ተጻፈው፥ ከቀረበልን ቃል ጋራ በትክክል ያልተስማማ ወይም ሌላ ነገር የጨመረ መልስ የፊተኛውን እንደ መቃወምና አዲስ ጥያቄ እንደ ማቅረብ ይቈጠራል። ስለዚህ እመቤቲቱ «በ300 ብር ቢቀንሱልን» ብለው ያንን ደብዳቤ ቢልኩ ኖሮ ለጠያቂው መልስ መስጠታቸው ቀርቶ ራሳቸው ጠያቂ ይሆኑ ነበር። ነጋዴውም በማግሥቱ «እሺ» ብሎ ቢልክ ለ180 ጀሪካን ተዋውለዋል የሚል ክርክር በእጁ ይገባ ነበር። ደብዳቤውን ተቀብለን በመብራቱ አጠገብ አስቀመጥነው፤ እርሳቸውም ራሳቸው ቀደዱት።

ሌላም አሳብ ነበራቸው። በገበያው ያለ ሌላ ነጋዴ ያለ ውል፥ ያለ ቅድሚያ ክፍያ፥ በ100 ብር ቅናሽ እሰጣለሁ ብሏቸው ስለ ነበረ ይህን ቢጽፉለት የሚረዳላቸው መሰላቸው። ይህንንም ከለከልን። የአንዱን ነጋዴ ዋጋ ለሌላው የሚነግር ገዢ፥ የሚሰማው ሰው ዋጋው ነገ ለሦስተኛው እንደሚነገር ወዲያው ያስባል፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ዋጋውን አይነግርም፤ ለመደራደር የሚሆን ትርፍ ጨምሮ ይመጣል። ደግሞም አሶሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁለቱ ነጋዴዎች ዓርብ በመስጊድ ይገናኛሉ። «ማን ምን አለሽ?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ «የእርስዎንም ዋጋ ለሌላ አልነገርሁም» ማለት ይበቃል፤ በዚህ ቃል የሚቀየም ነጋዴ አላየንም።

ታዲያ ምን ምክንያት ይጻፍ? እውነተኛው ምክንያት ሁለት ነበረ፤ ገንዘባቸውን ለዓመት ማሰር አይፈልጉም፤ ቤታቸውንም ከሰው ጋራ ማዛመድ አይፈልጉም። በመጀመሪያ እኛ ራሳችን የልጆቹን ውርስ እንዲያነሡ ልንመክራቸው ነበር፤ እውነት ነውና። ነገር ግን ብናስበው ይህም እንቅፋት እንጂ ውሳኔ አይደለም፤ ውርሱ ሲከፈል ልጆቹም አካለ መጠን ሲደርሱ ነጋዴው «አሁንስ?» ብሎ ቢመጣ መልስ የለም። እንቅፋት ይነሣል፤ ውሳኔ ግን የባለቤቱ ነው። ስለዚህ «አንችልም» የሚለውን ቃል ሁሉ አውጥተን በስፍራው «ወስነናል» የሚለውን አገባን። ጠንካራ ቃል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ለነጋዴ ደስ የማያሰኘው የማያልቅ ተስፋ ነው እንጂ ያለቀ ነገር አይደለም፤ ያለቀውን ነገር ትቶ መኪናውን ለሌላ ይጭናል።

ከብዙ መሰረዝ በኋላ የተጻፈው ደብዳቤ ይህ ነው፤ ስሙን ብቻ አስቀርተነዋል።

«ለክቡር ሐጂ፤ ሰላምታችንን እናቀርባለን። መጋቢት 3 ቀን የሰጡንን የዋጋ ማቅረቢያ፥ ከእርሱም ጋራ ያለውን የሽርክና አሳብ ተቀብለን በሚገባ ተመልክተነዋል።

የዓመቱን የዘይት ውል አልተቀበልነውም። ቤታችን ዘይትን በየወሩ እንደሚያስፈልገው መጠን እንጂ በቅድሚያ ክፍያ ለዓመት ላለመግዛት ወስኗል፤ ይህም ከማንኛውም ነጋዴ ጋራ የምንሠራበት ደንብ ነው። በበር አጠገብ ያለውንም ክፍል ለንግድ ሽርክና ላለማቅረብ ወስነናል። ይህንንም መልስ በወረቀቱ ከተጻፈው ከ15ኛው ቀን አስቀድመን ሰጥተናል።

እስከ ዛሬ እንደ ነበረው በየወሩ የሚያስፈልገንን ዘይትና ሌላውንም ዕቃ በየጊዜው በምንስማማበት ዋጋ ከእርስዎ መግዛት እንወዳለን። የሚያዝያን ትእዛዝ እስከ መጋቢት 25 ቀን እንልካለን፤ ሒሳቡንም እንደ ልማዳችን ዕቃው በደረሰ በ10 ቀን ውስጥ እንከፍላለን። ከወረቀቱ ጋራ ለመጣው 1 ኬሻ ስኳር ዋጋውን በዚህ መልእክተኛ እጅ ልከናልና ደረሰኝ እንዲሰጡልን እንለምናለን።

መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ያደረጉልንን ቤታችን አይረሳም።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስለ አንዳንዱ ቃል የተከራከርነውን እንንገር። እመቤቲቱ የምስጋናውን ቃል በመጀመሪያ ለመጻፍ ፈልገው ነበር። ነገር ግን ምስጋና በመጀመሪያ ሲመጣ አንባቢው «ነገር ግን» የሚለውን እየጠበቀ ያነበዋል፤ ምስጋናውም ለእምቢታው መሸፈኛ የተዘረጋ ጨርቅ ይመስላል። በመጨረሻ ሲቀመጥ ግን ምንም የሚሸፍነው ስለሌለ እንደ ተጻፈው ይነበባል። ደግሞም «ከማንኛውም ነጋዴ ጋራ የምንሠራበት ደንብ ነው» የሚለው ቃል ለነጋዴው ክብር የተጻፈ ነው፤ እርሱን ለይቶ እንዳልናቀው ያስረዳልና። እውነት ካልሆነ ግን መጻፍ አይገባም። እመቤቲቱ በሚቀጥለው ወር ከሌላው ነጋዴ ጋራ የዓመት ውል ቢዋዋሉ ይህች መስመር ትመሰክርባቸዋለች።

ከሁሉ ይልቅ የተከራከርነው በሦስተኛው አንቀጽ ነው። እርሳቸው «ከእንግዲህ ወዲህ ዘይትና ስኳር ሁሉ ከእርስዎ ብቻ እንገዛለን» ብለው ሊጽፉ ነበር። እምቢ ያለ ሰው ኀፍረቱን ለማስታገሥ ከተከለከለው የሚበልጥ ሌላ ስጦታ ይሰጣል፤ ይህን በመዝገቦች ውስጥ ብዙ ጊዜ አይተነዋል። «ብቻ» የምትለዋ ቃል ብትጻፍ ኖሮ የዓመቱን ውል እምቢ ብለው የዕድሜ ልክ ውል በሰጡ ነበር። ስለዚህ የሚቀጥለው ነገር ምን እንደሆነ፥ ትእዛዙ በየትኛው ቀን እንደሚላክ፥ ገንዘቡም በስንት ቀን እንደሚከፈል ብቻ ጻፍን። ወዳጅነት እንደሚቀጥል ለነጋዴ የሚያስረዳው የፍቅር ቃል አይደለም፤ የትእዛዝ ቀን ነው።

የስኳሩ ነገር ለብቻው ይነገር። ነጋዴው ወረቀቱን ሲልክ 1 ኬሻ ስኳር «ለቤት» ብሎ ጨምሮ ልኳል። በበዓል ቢሆን ስጦታ ነው ብለን ዝም ባልን ነበር፤ ከዋጋ ማቅረቢያ ጋራ የመጣ ነገር ግን ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል፤ ዛሬ ስጦታ፥ ነገ የስምምነት ምልክት። ኬሻውን መልሶ መላክ በሐጂ ፊት ስድብ ይሆናል፤ ዋጋውን ከፍሎ ደረሰኝ መቀበል ግን ማንንም አያዋርድም። ገዢውም በበኩሉ ይሉኝታ ይዞት «ለጊዜው ይህን ያዝልኝ» ብሎ ቀብድ ከመስጠት ይጠበቅ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1883 ቀብድ መሰጠቱ ውል መደረጉን ያስረዳል፤ በቁጥር 1885ም ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፥ የተቀበለውም ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል።

እግረ መንገዳችንን በመሥሪያ ቤት ለሚያገለግሉ አንባቢዎቻችን አንዲት ቃል እንጨምር። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ አንዱን መግዛት በመሥሪያ ቤት የታወቀ ልማድ ነው። አሸናፊው ይጠራል፤ ሁለቱ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አይሰሙም። ከዚህም የከፋ አለ፤ የሚገዛበት ነጋዴ አስቀድሞ ታስቦ ሳለ ቍጥሩን ለማሟላት ብቻ ሌሎቹን ወረቀት ማስጻፍ። ነጋዴዎች ይህን ያውቃሉ፤ ለማሟያ የተጠራ ነጋዴም በሁለተኛው ጊዜ ዋጋውን ሳያስብ ጽፎ ይሰጣል፤ መሥሪያ ቤቱም ሦስት ወረቀት ይዞ አንድም እውነተኛ ዋጋ ሳይኖረው ይቀራል። «በዚህ ጊዜ የእርስዎ አልተመረጠም፤ ያልተመረጠውም በማስረከቢያው ቀን ምክንያት ነው» የሚል አንድ መስመር ለሚቀጥለው ግዢ እውነተኛ ዋጋ ያስገኛል።

ወደ እመቤቲቱ እንመለስ። ደብዳቤው መጋቢት 13 ቀን በሁለት ቅጂ ተጽፎ በታላቁ ልጃቸው እጅ ተላከ። ነጋዴው በአንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ፈርሞ መለሰው፤ የስኳሩንም ደረሰኝ ሰጠ፤ ሌላ ቃል አልተናገረም። የሚያዝያ መኪና በመጣ ጊዜ ግን ስኳርና ሳሙና አራግፎ ዘይት ሳያመጣ ቀረ። ረዳቱ «አልተጫነም» አለ እንጂ ምክንያቱን አልነገረም። እመቤቲቱ ማታ ወደ እኛ መጥተው «ይኸው አጣሁት» አሉ። እኛም ከመምከር በቀር የምናደርገው አልነበረም፤ ነገር ግን ሁለተኛ ደብዳቤ እንዳይጽፉ፥ ይቅርታም እንዳይጠይቁ፥ ለዚያ ወር የሚበቃቸውን ዘይት ከገበያ ገዝተው የስኳሩንና የሳሙናውን ሒሳብ ግን በ10ኛው ቀን ሳያሳልፉ እንዲከፍሉ ነገርናቸው። እንደዚሁ አደረጉ፤ ለገበያው ዘይትም ከልማዱ የበለጠ ዋጋ ከፈሉ።

በግንቦት ወር ሐጂ ራሳቸው መጡ። ቡና ተፈላ። ሁለተኛው ሲኒ እስኪጠጣ ድረስ ስለ ዘይት አልተነሣም፤ ከዚያ በኋላ «እምቢ ማለትሽ አላስቀየመኝም» አሉ፤ «ነጋዴ ነኝ፤ በቀን አሥር ጊዜ እምቢ እባላለሁ። ነገር ግን አራት ዓመት በዚህ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ በልጅ እጅ ወረቀት ይላክልኛል?» እመቤቲቱ ይህን ሲነግሩን ጥፋቱ የማን እንደሆነ አወቅን። እኛ የመዝገብ ቤት ሰዎች ነንና ነገር ሁሉ በወረቀት ሲሆን የተፈጸመ ይመስለናል። ለሕጉ የሚበቃው ወረቀት ለሰውየው አልበቃም። ወረቀቱ መጻፉ ትክክል ነበረ፤ ነገር ግን በዋዜማው ስልክ ደውለው፥ ወይም በተሻለ ራሳቸው ሄደው፥ «ሐጂ፥ ነገ ወረቀት ይደርስዎታል፤ መልሱ እምቢ ነው፤ ከወረቀቱ በፊት ከእኔ አፍ እንዲሰሙት ብዬ ነው» ቢሏቸው ኖሮ የሚያዝያ ዘይት ባልቀረ ነበር። ያን ሦስት መስመር ያህል ቃል ሳንመክር ስለ ቀረን እመቤቲቱ በገበያ ዋጋ ከፍለዋል።

ሐጂ ከመሄዳቸው በፊት ከኪሳቸው አዲስ ፕሮፎርማ አውጥተው በጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በወር 9 ጀሪካን፥ ያለ ቅድሚያ ክፍያ፥ በአንዱ ላይ 60 ብር ቅናሽ፥ ዋጋው ለ30 ቀን የሚጸና ይላል፤ ስለ በሩ ክፍል አንድም ቃል አልተጻፈበትም። ወረቀቱ ከፊተኛው ጋራ ከአንድ ማተሚያ የወጣ ስለ ሆነ ያ ትንሽ ፊደል በግርጌው ታትሞ ነበረ፤ ነገር ግን በሰማያዊ ቀለም ተሰርዞ በአጠገቡ ፈርመውበታል።